ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለመጣ ሰላምታ ምን ይመለሳል?

ሌሊት 7 ሰዓት ከ40 ላይ ስልኩ ብልጭ ይልና “ሰላም ነሽ እህቴ? ተኛሽ እንዴ?” የሚል መልእክት ይገባል እንበል። ላኪዋ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት፤ ተቀባይዋ አዲስ አበባ ናት። ብዙዎቻችን እንዲህ ላለው መልእክት የምንሰጠው መልስ እኩለ ቀን ላይ ከምንሰጠው አይለይም፤ “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?” እንላለን። ከዚያ ወዲያ “እኔም ደህና” የሚል ይመጣና ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ሰላምታው በአግባቡ ተመልሷል፤ ላኪዋ በዚያ ሰዓት ለምን እንደነቃች ግን አልታወቀም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሌሊት ሰላምታ መልስ ከቀኑ መለየት ያለበት በቅደም ተከተሉ ነው የሚል ነው። ቀን ላይ ሥርዓቱ ይቀድማል፣ ጉዳዩ ይከተላል። ሌሊት ግን መጀመሪያ ማረጋጋት፣ ቀጥሎ ለመመለስ የማትከብድ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ፣ ሥርዓቱንም ወደ ኋላ ማቆየት ይገባል።

ይህን ስል የቀኑን ሥርዓት ለማናናቅ አይደለም። የእኛ ሰላምታ ረጅም የሆነው ያለምክንያት አይደለም። ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ገጠር ከሆነ ከብቱና አዝመራውም ይጠየቃል፤ ለሁሉም መልሱ ምስጋና ነው። የታመመ ሰው እንኳ መጀመሪያ “ተመስገን” ይላል፣ ሕመሙን የሚያወራው ከተቀመጠና ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው። ሥርዓቱ ለዚህ ጊዜ ይሰጣል። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ናቸው፤ “ተመስገን” ያለው ሰው ፊቱ ጠቁሮ፣ ድምፁ ሰልሎ ከሆነ ጠያቂው ያያል፣ ይሰማል፣ መልሶም ይጠይቃል። ሰላምታውም የቀኑን ጉዞ የተከተለ ነው፦ ጠዋት እንዴት አደርክ፣ ከሰዓት እንዴት ዋልክ፣ ማታ እንዴት አመሸህ እንባባላለን። ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ላለው ሰዓት ግን የተለመደ መጠየቂያ የለም፤ ያለን “ደህና እደር” የሚል መለያያ ብቻ ነው። ድሮ በዚያ ሰዓት ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው ስላልነበረ ጉድለቱ አልተሰማም። ስልክ በእጃችን ከገባ ወዲህ ግን በዚያ ሰዓት የሚመጣውን ሰላምታ በቀን መልስ እየሸኘነው ነው፤ ፊት በማይታይበት፣ ድምፅ በማይሰማበት ጽሑፍ ላይ ደግሞ “ተመስገን” በሩን ይዘጋዋል።

ባህላችን ያለ ጊዜው ለመጣ ሰው የሚሆን መልስ አጥቶ አያውቅም። በር ያለ ሰዓቱ ሲንኳኳ ወይም ስልክ ያለ ጊዜው ሲጮህ አፋችን ላይ የሚቀድመው “በሰላም ነው?” ነው። የዚህም ሥር ጥልቅ ነው። መርዶ በልማዳችን የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰባስቦ ይሄዳል፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማ ይደረጋል። በውጭ አገር ባሉ ወገኖቻችን ዘንድም ወዳጆች ተጠራርተው ቤቱ ድረስ መሄዳቸው ይኸው ወግ ነው። ስለዚህ ያልተጠበቀ የሌሊት ስልክ ሁለቱንም ያስደነግጣል፤ ተቀባዩ “ማን ሞተ?” ብሎ ይነሣል፣ ደዋዩም ያንን ድንጋጤ ስለሚያውቅ “ለደህና ነው፣ አትደንግጥ” ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ ማረጋጋት የምለው እንግዲህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በድምፅ የምናደርገውን በጽሑፍ ስላስቀረነው ወደ ቦታው እንመልሰው ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ መልስ የቀረውን ንግግር ምን ያህል እንደምትወስን ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሃርቪ ሳክስ ነው። ይህ አሜሪካዊ ምሁር በ1960ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎች ያደረጓቸውን የስልክ ንግግሮች ቅጂ ያጠና ነበር። ሠራተኞቹን ያስቸገራቸው ነገር አንዳንድ ደዋዮች ስማቸውን አለመናገራቸው ነው። ሳክስ ንግግሮቹን ቃል በቃል ሲመረምር ያስተዋለው ቀላል ነገር ነበር። ሠራተኛው “እገሌ እባላለሁ፣ ምን ልርዳዎት?” ሲል ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው መልክ ስሙን ይመልሳል። ስሙን መናገር ያልፈለገ ደዋይ ግን “አልሰማሁዎትም” ይላል፤ ሠራተኛው የራሱን ስም ይደግምለታል፣ በዚህ መሐል የደዋዩ ስም መምጫ ቦታ ያልፋል። ማንም “ስሜን አልናገርም” አላለም፤ የመጀመሪያው ልውውጥ ብቻ ለስሙ ቦታ ከፈተ ወይም ዘጋ። ሳክስ ሌላም ነገር ጽፏል፦ “እንዴት ነህ?” ለተባለ ሰው መልሱ የሚመረጠው ባለው ሁኔታ ብቻ አይደለም፣ ጠያቂው ችግሩን ሊሰማ የሚገባው ሰው መሆን አለመሆኑም ይታያል። ስለዚህ የከፋው ሰው “ደህና ነኝ” ሲል መዋሸቱ አይደለም፣ ሥርዓቱን መጠበቁ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ንግግር ላይ የተጠና ነው፤ የሰላምታ ሥርዓታችን ከዚያ የጠነከረ በመሆኑ ለእኛ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይሠራም።

ይሁንና መልሱን ከመቀየር በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት፤ ሌሊቱ የማን ነው? ዋትስአፕም ቴሌግራምም ከመልእክቱ ጎን የሚያሳዩት የተቀባዩን ሰዓት እንጂ የላኪውን አይደለም። አዲስ አበባ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ደግሞ 8 ይሆናል። ከዚያ በእኩለ ሌሊት የመጣ ሰላምታ ከሥራ የሚወጣ ሰው ሰላምታ ሊሆን ይችላል፤ የቀን ሰላምታ ነውና የቀን መልስ ይበቃዋል። ሪያድና ኩዌት ግን ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድመናለች፣ ቤይሩትና ቴል አቪቭ በበጋቸው እኩል ናቸው፣ በክረምታቸው በ1 ሰዓት ይዘገያሉ። ከእነዚህ ቦታዎች የመጣው የ7 ሰዓት ከ40 መልእክት ላኪውም ጋ ሌሊት ነው። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ አበባ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከዋሽንግተን የገባ “እንዴት አደራችሁ?” የእኛን ሰዓት አስቦ የተጻፈ ይሁን እንጂ የጻፈው ሰው ያለው ሌሊት ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ይኸኛው ነው፤ በራሱ ብርሃን ላይ ሆኖ ስለሚያነበው የሌላው ጨለማ አይታየውም።

ሌሊት መሆኑ ከተረጋገጠም በኋላ ሰዓቱ ብቻውን ምልክት አይሆንም። በዓረብ አገራት በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ስልክ መያዣ ጊዜያቸው ብዙ ጊዜ አሠሪዎቹ ከተኙ በኋላ ነው፤ ለእነሱ 6 ሰዓት ሌሊት የቀኑ የመጀመሪያ ዕረፍት ነው። አገር ቤትም ዘብ አለ፣ ተረኛ ነርስ አለ፣ ዋጋው የቀለለውን የሌሊት ጥቅል ገዝቶ የሚያመሽ ተማሪ አለ። በየሌሊቱ በዚያ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ሰላም ሲል የለመደውን ማድረጉ ነው። መመዘኛው እንግዲህ የሰውየው ልማድ እንጂ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አይደለም። ከአርብ በቀር ጽፋ የማታውቅ እህት ማክሰኞ ሌሊት ከጻፈች፣ ሁልጊዜ ድምፅ የምትልክ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ከላከች፣ ለወራት ዝም ያለ ወንድም ድንገት በ8 ሰዓት ሌሊት “እንደምን ናችሁ?” ካለ፣ መልሱ መለወጥ ያለበት ያኔ ነው። “ተኛሽ እንዴ?” የምትለዋ ጭማሪም ትልቅ ምልክት ናት። ሰላም ማለት ብቻ የፈለገ ሰው ተቀባዩ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ አያሳስበውም፤ ይህችን የሚጠይቅ ግን አሁኑኑ የሚሰማው ሰው እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ሌሊት ንቁ ሆኖ የሚቆይ አእምሮ ከቀኑ የተለየ ሸክም ስለሚሸከም ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ፐርሊስና ባልደረቦቹ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎችን ሰዓት በዚያ ሰዓት ነቅቶ ከሚገኘው ሕዝብ ብዛት ጋር አነጻጸሩ። በጥሬ ቁጥሩ ሲታይ ቀን የሚበዛ ይመስል ነበር፤ ቀን የነቃው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። በነቃው ሰው ልክ ሲሰላ ግን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ከሚጠበቀው ከ3 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ተነሥቶ ሌሊት ሰላም ያለ ሁሉ አደጋ ላይ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ጥናቱም ያንን አይልም። ከጥናቱ የምንረዳው፣ ጭንቅ ያለበት ሰው ነቅቶ ከሆነ አደጋው የሚበረታበት ሰዓት ይኸው መሆኑን ነው። በዚያ ሰዓት “ሰላም ነሽ?” ብሎ መጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ለመናገር አቅም ያነሰው ሰው ሊያደርገው የሚችለው ቀላሉ ነገር ነው።

አሁን ወደ 7 ሰዓት ከ40ዋ መልእክት እንመለስና ሦስት መልሶችን እንመዝን። የመጀመሪያው “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?” የሚለው ነው፤ ይህ ለላኪዋ የተዘጋጀ መልስ ይሰጣታል፣ “እኔም ደህና” ብላ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አይተውላትም። ሁለተኛው “ምነው በዚህ ሰዓት? ምን ሆነሽ ነው?” የሚለው ነው። ይህ ከፍቅር የመጣ ድንጋጤ ነው፤ በጽሑፍ ሲነበብ ግን ወቀሳ ይመስላል። ላኪዋ መጀመሪያ ለሰዓቱ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ቀጥላ እህቷ እንዳትጨነቅ ትሰጋለች፣ መልሷም “ኧረ ምንም፣ እንዲያው ነው፣ ተኚ በቃ” ይሆናል። ሦስተኛው እንዲህ ያለ ነው፦ “አልተኛሁም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እንቅልፍ እምቢ አለሽ እንዴ?” የመጀመሪያዋ አረፍተ ነገር “አስቸገርኩ” የሚለውን ሐሳብ ታነሣላታለች። ሁለተኛዋ ስለ አገር ቤት ያላትን ፍርሃት ታበርዳለች፤ ሌሊት የነቃ ስደተኛ ብዙ ጊዜ የሚያስበው የቤተሰቡን ነገር ነውና። ሦስተኛዋ ደግሞ ለምትናገረውም ለማትናገረውም የምትመች ናት። ምንም ከሌለ “አዎ፣ ቡና አብዝቼ ነው” ትላለች፤ የሆነ ነገር ካለ “አዎ” ማለት ብቻ ይበቃታል፣ ከ“አዎ” በኋላ ያለው ይቀልላል። ጥያቄዋ አንዲት ብቻ መሆኗም አስፈላጊ ነው፤ ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ ደመወዝሽ፣ አሠሪሽ ተብሎ አራት ጥያቄ ከተደረደረ የሚመለሰው ቀላሉ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መልስ ማንበብ ራሱን የቻለ ነገር ነው። የሳክስ ባልደረባ የነበረችው ጌል ጀፈርሰን በ1980 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ችግር ያለበት ሰው ለ“እንዴት ነህ?” ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከተለመደው “ደህና” ትንሽ ዝቅ ያለ መልስ እንደሆነ አሳይታለች። ችግሩን አይናገርም፣ ደህና ነኝም አይልም፤ መሐል ላይ ይቆማል፣ ጠያቂው ከገፋበት ይናገራል፣ ካለፈውም ያልፋል። የእኛም ሰው ይህንን መሐል ቦታ በደንብ ያውቀዋል፦ “አለሁ እንግዲህ”፣ “እንዲሁ ነን”፣ “ምንም አይልም”፣ “ደህና ነኝ… ብቻ”። ቀን ላይ እነዚህን ሰምቶ ማለፍ ነውር አይደለም። ሌሊት ግን “አለሁ እንግዲህ” ለተባለ ሰው “ጎሽ፣ ተመስገን” ብሎ መመለስ የቀረበለትን እጅ እንዳላየ ማለፍ ነው። እዚህ ላይ “እስቲ ንገሪኝ፣ ጊዜ አለኝ” ይበቃል። ለመደወል ግን መቸኮል አይገባም። በሰው ቤት ያለች ሴት ስልኳ በሌሊት ከጮኸ አሠሪዎቿን ሊቀሰቅስ፣ ስልኩንም ሊያስነጥቃት ይችላል። “ልደውል ወይስ መጻፉ ይሻልሻል?” ማለት ምርጫውን ለእሷ ይተውላታል፣ ያለችበትንም ሁኔታ ይነግራል፤ “አይ፣ መደወል አይቻልም” ካለች ራሱ ትልቅ ወሬ ነው። የምትጽፈው ሕይወቷን እንደጠላች የሚጠቁም ከሆነ ደግሞ በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠይቆ ሐሳብ ማስገባት ይሆናል የሚለው ስጋት ተፈትሿል፤ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በተሠራ ጥናት ስለ ጉዳዩ በቀጥታ የተጠየቁት ካልተጠየቁት የበለጠ አልተጨነቁም፣ ሐሳቡም አልባሰባቸውም።

እስካሁን የተናገርኩት ነቅቶ ላገኘው ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ግን መልእክቱን የሚያየው ጠዋት ነው፤ ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመውም ያን ጊዜ ነው። ተቀባዩ ከእንቅልፉ ነቅቶ “እንዴት አደርሽ? ደህና ነኝ” ብሎ ይጽፋል፤ ሌሊቱ እንዳልነበረ ሆኖ ይቀራል። ላኪዋም በቀን ብርሃን፣ ሥራ ላይ ሆና፣ ወደ ሌሊቱ ጉዳይ የምትመለስበት ምክንያት አታገኝም። ጠዋት የሚሰጥ መልስ ሰዓቱን መጥራት አለበት፦ “ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጽፈሽልኝ ነበር፣ ተኝቼ አሁን አየሁት። እንቅልፍ እምቢ ብሎሽ ነበር?” ይህች መልስ ሁለት ነገር ታደርጋለች፤ ዝምታው ከእንቅልፍ እንጂ ከቸልታ እንዳልመጣ ትናገራለች፣ የሌሊቱንም በር መልሳ ትከፍታለች። “አይ፣ አልፏል” የሚል መልስ ከመጣም የሚነገር ነገር እንደነበረ ታውቋልና ማታ በምትመቻት ሰዓት መልሶ መጠየቅ ይቻላል።

ተቃውሞዎችን ልመልስ። አንደኛው፣ ተቀባዩም እንቅልፍ ያስፈልገዋል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ነገ በ12 ሰዓት የሚነሣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እንዲያወራ ማንም አያዝዘውም። መልሱ ግን አጭር ሆኖም በር ሊከፍት ይችላል፦ “አሁን እንቅልፍ ይዞኛል፣ የሚያስቸኩል ነገር ካለ ንገሪኝ፣ ካልሆነ በኢትዮጵያ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እጽፍልሻለሁ።” ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ መጻፉ ግዴታ ነው፤ ውጭ ለቆየ ሰው “1 ሰዓት” እኩለ ቀን ያለፈው ሊመስለው ይችላል፣ በጭንቅ ሰዓት የተገባ ቀጠሮ ሲዛባ ደግሞ ያለመቀጠርን ያህል ይጎዳል። ሁለተኛው፣ ለታላቅ ሰው እንዲህ በቀጥታ መጠየቅ ድፍረት ነው የሚል ነው። ለታላቅ ሥርዓቱ አይቀርም፣ ያጥራል እንጂ፤ “እንደምን አመሹ አባባ፣ እኛ ደህና ነን፣ በሰላም ነው?” ቢባል አክብሮቱም ጥያቄውም አለ። ሦስተኛው በጣም ከባዱ ነው፦ ብዙ ሴቶች በሌሊት የሚደርሳቸው “ሰላም” ከተጨነቀ ዘመድ ሳይሆን ከማይፈልጉት ወንድ ነው። ይህ ክርክር እነሱን አያስገድድም። እስካሁን የተባለው ሁሉ የቆመው በዝምድና፣ በወዳጅነትና በልማድ ላይ ነው፤ ያ በሌለበት ዝም ማለት፣ ወይም ጠዋት በሥራ ሰዓት በአጭሩ መመለስ ሙሉ መብት ነው። የወዳጅ አድራሻ ተሰርቆ ገንዘብ የሚጠየቅበትም ጊዜ አለ፤ ሰላምታው ወዲያው ወደ ብር ከዞረ ከመላክ በፊት የሰውየውን ድምፅ መስማት ይገባል።

የቀረው ተቃውሞ፣ ከእነዚህ ሰላምታዎች አብዛኞቹ ባዶ ናቸውና በከንቱ ሰውን ማስጨነቅ ይሆናል የሚለው ነው። አብዛኞቹ ባዶ መሆናቸውን እቀበላለሁ። ለዚያ ነው ጥያቄዋ ቀላል መሆን ያለባት። “እንቅልፍ እምቢ አለሽ?” ተብላ ምንም ያልሆነች ሴት የምታጣው ነገር የለም፤ ስቃ ትመልሳለች፣ ሰላምታውም በረጅሙ ይቀጥላል። የሆነችው ግን ሳትጠየቅ ካለፈች ሁለተኛ ጊዜ ላትጽፍ ትችላለች። ላኪውም የራሱ ድርሻ አለው። በሌሊት የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ የመጣበትን ይናገር፦ ወሬ ብቻ ከሆነ “ለደህና ነው፣ ጠዋት መልሽልኝ” ይበል፣ ሰው ከፈለገ ደግሞ “ላወራሽ ፈልጌ ነበር” ይበል። ይህን ለማለት ያልቻለ ግን ይኖራል፣ ከቁጥር የማይገባ አይደለም፤ “ሰላም ነሽ?” ብሎ ብቻ ይጽፋል። ሰዓቱንና የሰውየውን ልማድ አይቶ ያችን አንዲት ጥያቄ መጨመር የመላሹ ፋንታ የሚሆነው ስለዚህ ነው።